የቃለ መጠይቅ ነጥብ ከየት ይመጣል?

እ.ኤ.አ. በ1955 የእስራኤል ጦር ምልምሎቹን ከሚመድብባቸው መንገዶች አንዱ ቃለ መጠይቅ ነበር። ጠያቂዎቹ ከወጣቱ ጋር እንደመሰላቸው አውርተው ወደፊት ምን ዓይነት ወታደር እንደሚሆን ይገምታሉ። ግምታቸው በተግባር ሲፈተሽ ግን እምብዛም አልረባም። እንዲያስተካክለው የታዘዘው የ21 ዓመቱ መኮንን ዳንኤል ካነማን፣ በኋላ የኖቤል ተሸላሚ የሆነው የሥነ ልቦና ምሁር፣ ስድስት ባሕርያትን ለይቶ ለእያንዳንዳቸው ጥያቄ አዘጋጀ። ጥያቄዎቹ ምልምሉ ስለኖረው ሕይወት ነበሩ፦ የት የት ሠራ? ሰዓት ያከብር ነበር? ለአንዱ ባሕርይ ነጥብ ሳይሰጡ ወደ ቀጣዩ ማለፍ አይቻልም። ጠያቂዎቹ «ሮቦት ልታደርገን ነው» ብለው ተቆጡ፤ ውጤቱ ግን ከቀድሞው በእጅጉ ተሻለ።

ዛሬ ጥሩ የነጥብ መስጫ ቅጽ የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። አንድ ባንክ የመስኮት ሠራተኛ ሊቀጥር ነው እንበል። ቅጹ ላይ «የደንበኛ አያያዝ፣ ከ5» ብቻ ከተጻፈ እያንዳንዱ ፈታኝ የራሱን ሚዛን ይዞ ይገባል። ስለዚህ ሥራውን ከሚያውቁ አለቆችና ነባር ሠራተኞች ጋር ተቀምጦ፣ ጎበዙ ሠራተኛ የተቆጣ ደንበኛ ሲመጣበት ምን እንደሚያደርግ፣ ደካማውስ ምን እንደሚያደርግ መጠየቅ ያስፈልጋል። መልሳቸው የነጥቡ መግለጫ ይሆናል። ከደንበኛው ጋር የተከራከረ ወይም «እኔን አይመለከተኝም» ያለ 1 ያገኛል። አዳምጦ ጉዳዩን ለአለቃ ያስተላለፈ 3፤ አዳምጦ፣ ሒሳቡን አጣርቶ፣ መፍትሔውን እስከ መጨረሻው የተከታተለ ደግሞ 5።

ጥያቄውም ለሁሉም አመልካች አንድ ነው፦ «የተቆጣ ሰው ያስተናገዱበትን አንድ አጋጣሚ ይንገሩን። እርስዎ ምን አደረጉ? በመጨረሻ ምን ሆነ?» «ሰው» መባሉ ሆን ተብሎ ነው፤ ገና ከትምህርት የወጣ አመልካች የባንክ ደንበኛ አጋጥሞት አያውቅምና።

ማስታወሻው ላይ ነው ብዙ ኮሚቴ የሚሰናከለው። «አቀራረቡ ጥሩ ነው፣ በራሱ ይተማመናል» የፈታኙ ስሜት ነው። «ደንበኛዋ ሁለት ጊዜ ተቆርጦብኛል አለች፤ መዝገቡን አብረው አዩ፤ በማግሥቱ ደወለላት» የሚለው ግን አመልካቹ የተናገረው ነው። ሌላ ሰው ይህን አንብቦ ከመግለጫው ጋር ሊያስተያየው ይችላል።

ፈታኞች ከመወያየታቸው በፊት ነጥባቸውን ለየብቻ ይጻፉ። አንዱ 5 ሌላው 2 ከሰጡ፣ አማካይ ወስዶ ማለፍ ልዩነቱን መደበቅ ነው፤ ሁለቱም ማስታወሻቸውን ያንብቡ። ብዙ ጊዜ አንደኛው ያልሰማው ነገር ይገኛል፤ ካልሆነም መግለጫው ግልጽ ስላልነበር መታረም አለበት። አንድ ፈታኝ በሁሉም መስፈርት 4፣ 4፣ 4 ከሰጠም፣ ምናልባት የነጠቀው የመጀመሪያው ስሜት ነውና ማስታወሻው ይታይ።

ነጥብ የቀየረ ሰው የቀድሞውን አይደልዝም፤ በአንድ መስመር ሰርዞ ምክንያቱን ይጽፋል፣ ይፈርማል። ያልተመረጠ አመልካች ቅሬታ ሲያቀርብ ቅሬታ ሰሚው ኮሚቴ ማየት ያለበት የተባለውን፣ የተሰጠውን ነጥብና የተቀየረበትን ምክንያት ነው።