የአማርኛ ፈተናችን ለምን በፒዲኤፍ ሆነ?

ባለፈው ፈተና «አዛምዱ» የሚለው ላይ የ«ሀ» ረድፍ ፊት ለፊት፣ የ«ለ» ረድፍ ጀርባው ላይ ወጥቶ ወረቀት ስንገለባብጥ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። አንድ ጓደኛዬማ ጀርባውን ሳያይ አስረክቦ 5 ማርክ አጣ።

መምህራችንን ስጠይቃቸው፣ በወርድ ሲጽፉት ልክ ነበር አሉኝ። ግን ሀና ማርያም ያተሙበት ቤት ኮምፒውተር ላይ እሳቸው የጻፉበት ፎንት የለም። ኮምፒውተሩ ዝም ብሎ በሌላ ፎንት ተካው። ፊደሎቹ ትንሽ ሰፉ፣ መስመሩ ሞላ፣ የተረፈው ወደ ታች ወረደ። ረድፎቹም በስፔስ ብቻ የተራራቁ ስለነበሩ ተዘበራረቁ።

ፒዲኤፍ ግን የፊደሎቹን ቅርጽ ፋይሉ ውስጥ ይዞ ስለሚሄድ የትም ቢከፈት ያው ነው። ስለዚህ አሁን ማዛመጃውን መስመሩ በማይታይ ሠንጠረዥ ይሠሩና፣ ገጹን A4 አድርገው፣ Save As ብለው PDF ይመርጣሉ። ሲታተም ደግሞ Actual size ይባላል፤ አለበለዚያ ጽሑፉ ሊያንስ ይችላል።

ፒዲኤፍ ስህተት አያርምም ታዲያ! በዚህኛው ፈተና 7ኛ ጥያቄ ሁለት ጊዜ ተጽፎ መጣ። ቁጥሩን በእጅ ስለጻፉት ነው። ሁለተኛውን 8 በሉት ተብሎ ሰሌዳ ላይ ተጻፈልን።