ያልነበረን ሰው መሬት ላይ ማቆም

በነፋስ መውጫም ሆነ በወገዳ፣ በአርብ ገበያም ሆነ በመካነ ኢየሱስ ፎቶ ቤት ከፍቶ የሚሠራ ሰው፣ እንደ ሌላው የአገራችን ፎቶ ቤት ሁሉ፣ አንድ ጥያቄ ይመጣበታል፦ ቤተሰቡ ተሰብስቦ በተነሣው ፎቶ ላይ የጎደለውን ሰው ጨምርልን። የጎደለው ዐረብ አገር ያለች ልጅ፣ ባሕር ዳር የቀረ ወንድም ወይም ያረፈ አባት ሊሆን ይችላል። ሰውየውን ከሌላ ፎቶ ቆርጦ ማውጣት ዛሬ ብዙ አያስቸግርም። ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቁመቱ ተስተካክሎ፣ የልብሱ ጠርዝ ጸድቶ፣ ከወንድሞቹ ጎን ቢቀመጥም ከመሬት ከፍ ብሎ የተንሳፈፈ ይመስላል። ፎቶውን ያየ ሰው ምክንያቱን መናገር ባይችል እንኳ “ይሄ የተለጠፈ ነው” ይላል። እንዲህ የሚያሰኘው አብዛኛውን ጊዜ ጥላው ነው።

ከቆመ ሰው ሥር ያለው ጥላ አንድ ቢመስልም ሁለት ነው፤ የሚፈጠሩበትም ምክንያት ይለያያል። አንደኛው ፀሐይ በሰውየው ስትከለል መሬት ላይ የሚዘረጋው ረጅሙ ጥላ ነው። ሁለተኛው ከጫማው ጠርዝ ሥር የሚታየው ቀጭን ጥቁር መስመር ነው። ፀሐይ ያላገኘችው መሬት ቢያንስ ከሰማዩ ብርሃን ያገኛል፤ ጫማና መሬት በሚነካኩበት ጠባብ ቦታ ግን የሰማዩም ብርሃን አይገባም። ስለዚህ ከተዘረጋው ጥላ ይልቅ የእግር ሥሩ ጥላ ይጠቁራል። የተዘረጋው ጥላ ፀሐይ በየት በኩል እንዳለች ይናገራል። ሰውየው መሬት መርገጡን የሚናገረው የእግር ሥሩ ጥላ ነው። የተዘረጋው በሚገባ ተሠርቶ የእግር ሥሩ ቢረሳ፣ ሰውየው ዘሎ አየር ላይ ሳለ የተነሣ ይመስላል።

ይህ ልዩነት ከላይ የተጠቀሱት ከተሞች ባሉባቸው በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ፣ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ዝቅ ብላ ከምትሄድባቸው አገሮች የበለጠ ይጠቅማል። አካባቢው ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 11 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ስለሆነ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያና በነሐሴ አጋማሽ ገደማ፣ በቀጥታ አናት ላይ ታልፋለች። በእነዚያ ቀናት ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ የተነሣ ሰው የተዘረጋ ጥላ የለውም፤ ያለው ሁሉ ጫማው ዙሪያ ተሰብስቧል። በሰኔ ደግሞ የእኩለ ቀን ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል፤ ርዝመቱም ከሰውየው ቁመት አንድ አምስተኛ ቢሆን ነው። በታኅሣሥ በዚያው ሰዓት ወደ ሰሜን ዞሮ የቁመቱን ሰባት ዐሥረኛ ያህል ይደርሳል። ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ዝቅ ብላ በምትሄድበት አገር የተዘጋጀን የፎቶሾፕ ትምህርት ተከትሎ በሚያዝያ እኩለ ቀን ለተነሣ ፎቶ ረጅም ጥላ የሚዘረጋ ሰው፣ ሥራው ምንም ቢያምር ከፎቶው ጋር አይገጥምለትም።

ጥላን መለካት ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በግእዝ የብራና መጻሕፍት ውስጥ የየወሩና የየሰዓቱ የጥላ ርዝመት በጫማ ተቆጥሮ የተጻፈበት ስሌት አለ። ፎቶ ቤት ውስጥ የሚሠራውም ያው ነው፤ ጥላ ከሐሳብ አይሣልም፣ ፎቶው ውስጥ ካለው ጥላ ይለካል።

በአንድ ፎቶ ላይ እንየው። ጥምቀት ዕለት፣ ጥር 11 ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ አባትና እናት ነፋስ መውጫ ላይ ሜዳ ላይ ቆመው ተነሥተዋል እንበል። በዚያ ሰዓት ፀሐይ በደቡብ ምሥራቅ በኩል ከአድማስ 40 ዲግሪ ያህል ከፍ ብላለች፤ የሰው ጥላ የቁመቱን አንድ ነጥብ ሁለት እጥፍ ያህል ነው። ፎቶ አንሺው ፀሐይን በስተቀኝ ከኋላው አድርጎ ስለቆመ የሁለቱም ጥላ ከእግራቸው ተነሥቶ ወደ ግራና ወደ ኋላ ሄዷል። አባትየው ፎቶው ላይ 1,000 ፒክስል ይረዝማሉ። የጭንቅላታቸው ጥላ ያረፈው ከእግራቸው 660 ፒክስል ወደ ግራ፣ 200 ፒክስል ወደ ላይ ነው። የሚጨመረው ልጅ ቁመቱ ከአባቱ እኩል ነው፤ የሚቆመውም ከእናቱ በስተግራ፣ ከሁለቱ ጋር በአንድ መስመር ነው።

መጀመሪያ የሚጣራው ልጁ የመጣበት ፎቶ ብርሃኑ ከየት እንደሆነ ነው። ፊቱ ላይ ብርሃኑ በስተግራ ካረፈ፣ በቀኝ ፀሐይ ከቆሙት ወላጆቹ ጋር ምንም ዓይነት ጥላ አያስማማውም። ብዙ ሰው ፎቶውን ግራና ቀኝ በመገልበጥ ይገላገላል። ነገር ግን የእጅ ሰዓቱ ወደ ሌላኛው እጅ ይዞራል፣ የሸሚዙ ቁልፍ በተቃራኒ ይሆናል፣ ቲሸርቱ ላይ ጽሑፍ ካለ ይገለበጣል፤ ነጠላው የተጣለበት ትከሻም ይቀየራል። ይህን እናት ወዲያው ታያለች። የሚሻለው ብርሃኑ የሚስማማ ሌላ ፎቶ እንዲያመጡ መጠየቅ ነው።

ከዚያ አቅጣጫው ይለካል። ከአባትየው እግር እስከ ጭንቅላታቸው ጥላ አንድ መስመር፣ ከእናትየዋ እግር እስከ ጭንቅላታቸው ጥላ ሌላ መስመር ይሰመራል። ሁለቱ ፎቶው ላይ ፍጹም ትይዩ አይሆኑም። መሬት ላይ ትይዩ ቢሆኑም ወደ ኋላ ስለሚርቁ፣ ሲራዘሙ አድማስ ላይ አንድ ነጥብ ላይ ይገናኛሉ። የልጁም ጥላ ከእግሩ ተነሥቶ ወደዚያው ነጥብ መሄድ አለበት። የአባትየውን መስመር ገልብጦ ልጁ ሥር ማስቀመጥ በትንሹ ያሳስታል፤ ብዙ ሰው በተደረደረበት ፎቶ ላይ ደግሞ ስሕተቱ ጎልቶ ይታያል። ርዝመቱ ግን ቀላል ነው። ልጁ በአባቱ ቁመትና በአባቱ መስመር ላይ ስለቆመ የጭንቅላቱ ጥላም ከእግሩ 200 ፒክስል ከፍ ብሎ ያልቃል።

አሁን የልጁ ሌየር በ Ctrl+J ይባዛል፤ ቅጂው በአንድ ቀለም ይሞላል፣ ከልጁ ሥር ይገባል፤ በ Distort ራሱ ወደተለካው ቦታ ይወርዳል፣ እግሩ ግን ካለበት አይነቃነቅም። እዚህ ላይ ልብ መባል ያለበት ነገር አለ፦ ጥላው ፀሐይ የምታየው ቅርጽ ነው እንጂ ካሜራው የሚያየው አይደለም። ካሜራው ልጁን ከፊት ያየዋል፣ ፀሐይ ግን ከጎን አዙራ ታየዋለች። ስለዚህ የትከሻው ስፋት ይጠባል፤ ከወገቡ ወጣ ያለ ክርን በጥላው ላይ ላይታይ ይችላል። መመሪያው አጠገቡ አለ፤ የአባትየው ጥላ የቱን ያህል እንደጠበበ አይቶ የልጁንም እንደዚያ ማድረግ ነው። ጋቢ የለበሰ ሰው ለዚህ ሥራ ይቀላል፤ ጋቢው እጅና ወገብን ሸፍኖ ከየትም ቢታይ ተቀራራቢ ቅርጽ ይሰጣል።

የጥላው ጠርዝም ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት አይደለም። ፀሐይ ነጥብ ስላልሆነች ጠርዙ ከሰውነቱ በራቀ ቁጥር ይደበዝዛል፤ የብዥታው ስፋት ከርቀቱ መቶኛ ያህል ነው። የልጁ ራስ ከራሱ ጥላ ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ስለሚርቅ እዚያ ያለው ብዥታ ሁለት ሴንቲሜትር ተኩል ገደማ፣ ማለትም በዚህ ፎቶ 14 ፒክስል ያህል ነው። ስለዚህ በ Gaussian Blur ከ3 እስከ 4 ፒክስል የተሰጠው ቅጂ በራሱ በኩል፣ ያልደበዘዘው ቅጂ በእግሩ በኩል ሆነው በ Layer Mask ቀስ በቀስ ይዋሐዳሉ። ጥላውን ሁሉ በአንድ መጠን ማደብዘዝ ከተለመዱት ስሕተቶች ዋነኛው ነው።

ቀለሙን ጥቁር አድርጎ Opacity መቀነስም ሌላው የተለመደ ስሕተት ነው። ፀሐይ የተከለከለው መሬት የሚያገኘው የሰማዩን ብርሃን ስለሆነ ጥላው ወደ ሰማያዊ ያደላል። ነፋስ መውጫን በመሰለ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ ባለ ቦታ፣ ሰማዩ በጠራበት ወር ይህ በደንብ ይታያል። ቀለሙ በግምት አይመረጥም። ፀሐይ ያረፈችበትን መሬትና አጠገቡ የአባትየው ጥላ ያረፈበትን ያንኑ ዓይነት መሬት በ Eyedropper መንካት ይበቃል። የበራው 190፣ 165፣ 130፤ የተጠለለው 76፣ 72፣ 66 ቢሆን፣ ለእያንዳንዱ ቀለም ስሌቱ ይህ ነው፦

```
ጥላ = የተጠለለው ÷ የበራው × 255
R: 76 ÷ 190 × 255 = 102
G: 72 ÷ 165 × 255 = 111
B: 66 ÷ 130 × 255 = 129
```

በዚህ ቀለም የተሞላ ሌየር በ Multiply ሲደረግ፣ Opacity ሳይቀነስ፣ አፈሩንም ሣሩንም ድንጋዩንም እንደ አባትየው ጥላ ያጠቁራል።

የእግር ሥሩ ጥላ የሚሠራው ለብቻው፣ በሌላ ሌየር ነው። በትንሽና ጠርዙ ባልደበዘዘ ብሩሽ፣ ፎቶው ውስጥ ካለው ከአባትየው ጫማ ሥር በተነካ ቀለም፣ የጫማውን ጠርዝ ተከትሎ ከ4 እስከ 6 ፒክስል የሚሆን መስመር ይሰመራል። ከዚያ ሰፋ ያለና ፈዘዝ ያለ ሌላ መስመር ከሥሩ ይጨመራል። መስመሩ ጫማውን እንደ ቀለበት መክበብ የለበትም፤ ተረከዙ ከፍ ያለ ከሆነ እዚያ ይሳሳል፣ ጣቶቹ የረገጡበት ይወፍራል። ሣር ላይ ደግሞ ጥቂት የሣር ቅጠሎችን ከጫማው ፊት መልሶ ማምጣት ከማንኛውም ጥላ ይበልጣል፤ ሣር ላይ የቆመ ሰው ጫማው ሙሉ በሙሉ አይታይምና።

ሥራው አለቀ ሲባል የሚጣሩ ቦታዎች አሉ። የልጁ ጥላ ከእናቱ ጥላ ጋር በሚደራረብበት ቦታ መሬቱ ሁለት ጊዜ መጥቆር የለበትም፤ አንዴ የተከለለች ፀሐይ እንደገና አትከለልም። ስለዚህ የተደራረበው ክፍል በ Layer Mask ይጠፋል። ጥላው ከኋላ የድንጋይ ካብ ካገኘ መሬት ላይ መተኛቱን ትቶ ካቡ ላይ ይቆማል፤ እንደ ምንጣፍ ካቡን አልፎ የሚሄድ ጥላ ወዲያው ይታወቃል። የእናትየዋ ጥላ በልጁ እግሮች መካከል በሚያልፍበት ቦታም ከኋላው መታየት አለበት። ልጁን ለጊዜው ደብቆ ጥላዎቹን ብቻ ማየት ጥሩ ማጣሪያ ነው፤ ከሦስቱ የትኛው እንደተጨመረ ባለቤቱ ራሱ መለየት ካልቻለ ሥራው ተሳክቷል።

በክረምት ጉና በጉም ተሸፍኖ፣ ሰማዩ ሁሉ ደመና በሆነበት ቀን የተነሣ ፎቶ ከዚህ ብዙውን ያስቀራል። ብርሃኑ ከሁሉም አቅጣጫ ስለሚመጣ የተዘረጋ ጥላ አይኖርም፤ የእግር ሥሩና ዙሪያው ያለው ፈዛዛ ጥላ ብቻ ይሠራል። እንዲህ ባለ ፎቶ ላይ ረጅም ጥላ መጨመር ካለመጨመር የከፋ ነው።

ከሁሉም የሚከብደው ደንበኛው ጉርድ ፎቶ ብቻ ይዞ ሲመጣ ነው፤ በተለይ ያረፈ ሰው ከሆነ ብዙ ጊዜ የተረፈው ፎቶ እሱ ነው። እግር በሌለበት የእግር ሥር ጥላ የለም፤ የሌላ ሰው እግር መቀጠልም ቤተሰቡ የሚያውቀውን አቋም ያበላሻል። ያኔ መፍትሔው ከተቀመጡት ሰዎች ኋላ ማቆም ነው። ጥላው ያኔ መሬት ላይ ሳይሆን ከፊቱ ያሉት ሰዎች ትከሻ ከእሱ ደረት ጋር በሚገናኝበት መስመር ላይ ይሠራል። የብዥታው፣ የቀለሙና የልኬቱ አሠራር ግን ያው ነው፦ ከኋላ ከቆሙት ሰዎች አንዱ ከፊቱ በተቀመጠው ሰው ትከሻ ዙሪያ ምን ያህል እንደጠቆረ ይታያል፣ የተጨመረውም ያንኑ ያህል ይጠቁራል።