በደካማ ላፕቶፕ የሚነበብ ቪዲዮ መቅረጽ

የኤክሴል ትምህርት ቀርጾ ዩቲዩብ ላይ ለመጫን የተነሳ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያደርገው ቅንብሩን ወደ ላይ መስቀል ነው፦ 1920 በ1080 ፒክስል፣ በሰከንድ 60 ፍሬም። ላፕቶፑ ባለ ሴሌሮን ፕሮሰሰርና 4 ጊጋባይት ራም ከሆነ ውጤቱ የታወቀ ነው። ድምፁ ይቀጥላል፣ ምስሉ ይቆማል፤ አንድ ሴል ላይ የነበረው ማውዝ በድንገት ሌላ ሴል ላይ ይገኛል።

ነገሩ ሂሳብ ነው። በዚህ ቅንብር ማሽኑ በየሰከንዱ 124 ሚሊዮን ያህል ፒክስል ጨምቆ ፋይል ውስጥ መክተት አለበት፤ ያው ፕሮሰሰር ኤክሴልንም ያስኬዳል። በ1280 በ720 እና በ30 ፍሬም ሥራው ወደ 28 ሚሊዮን ይወርዳል፤ በ15 ፍሬም ደግሞ 14 ሚሊዮን አይሞላም።

እንዲህ ያለ ቪዲዮ የሚያይ ሰው ፎርሙላውን ማንበብ ነው የሚፈልገው። ሴል ውስጥ ያለ ጽሑፍ ደግሞ ለብዙ ሰከንድ አይንቀሳቀስም። ስለዚህ መቀነስ ካለበት ቀድሞ የሚቀነሰው ፍሬሙ ነው። በ15 ፍሬም ማውዙ ትንሽ ዘለል ዘለል ይላል እንጂ ፊደሉ አይጎዳም። አኒሜሽን ወይም ሥዕል ለሚያስተምር ግን 30 ያስፈልገዋል።

ሬዞሉሽኑ ላይ ነው ብዙዎች የሚሳሳቱት። የብዙ ርካሽ ላፕቶፖች ስክሪን 1366 በ768 ነው። ከዚያ 1080 ቪዲዮ ማውጣት ፋይሉን ያሳብጣል እንጂ ስክሪኑ ላይ ያልነበረ ዝርዝር አያመጣም። ቀረጻው ላይ ወደ 720 ማሳነስም ፊደሉን ያደበዝዛል፤ የስክሪኑ ፒክስልና የቪዲዮው ፒክስል አንድ ለአንድ አይገጥሙምና። መላው ከመቅረጽ በፊት የዊንዶውሱን የስክሪን ሬዞሉሽን ራሱን 1280 በ720 ማድረግ ነው። ላፕቶፑ ላይ ጽሑፉ ፈዘዝ ይላል፤ አይደንግጡ። የሚቀረጸው ዊንዶውስ የሚያዘጋጀው ምስል ስለሆነ ፋይሉ ጥርት ብሎ ይወጣል። ፊደሉም ገዘፍ ስለሚል በስልክ ለሚያይ ሰው ይመቻል።

በኦቢኤስ ስቱዲዮ Settings ውስጥ Video የሚለውን ከፍተው ሁለቱንም የResolution መስኮች 1280x720፣ ፍሬሙን 30 ያድርጉ። ከዚያ ቻርጀሩን ሰክተው አሥር ደቂቃ ያህል ይቅረጹ፤ ሺቶችን ይቀያይሩ፣ ወደ ታች ወደ ላይ ያንሸራትቱ። አንድ ደቂቃ አይበቃም፤ ላፕቶፑ ሲግል ነው የሚንቀራፈፈው። በዚህ መሃል Stats መስኮት ላይ Skipped frames due to encoding lag የሚለውን ቁጥር ይከታተሉ። እየጨመረ ከሄደ ፕሮሰሰሩ አልቻለም ማለት ነው፤ ወደ 15 ያውርዱ። 15 ከተለመደው ዝርዝር ውስጥ ስለማይገኝ Integer FPS Value መርጠው በእጅ ይጽፉታል።

አሁንም ቁጥሩ ካልቆመ ብራውዘሩን ይዝጉ፤ ኢንኮደር ምርጫው ውስጥ QSV ካለ እሱን ይምረጡ፣ ጫናው ወደ ኢንቴል ግራፊክሱ ይዛወራል። ሬዞሉሽኑን ግን ከ720 በታች አያውርዱ፤ ፎርሙላው ስልክ ላይ አይነበብም።