ሰኞ አንዴ፣ እሑድ ሰባቴ

የአራት ዓመት ልጅ እስከ ሃያ ሲቆጥር የሰማ ወላጅ ደስ ይለዋል፤ ለዘመድም ያስቆጥረዋል። ያው ልጅ ግን ፊቱ ከተቀመጡት ቆርኪዎች ውስጥ «አራት ስጠኝ» ሲባል ብዙ ጊዜ እፍኝ ሙሉ አንሥቶ ይሰጣል። ቁጥሮቹን በቃሉ ይዟቸዋል እንጂ አራት ምን ያህል እንደሆነ ገና አልገባውም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሮሼል ጌልማን እና ቻርልስ ጋሊስቴል እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን ጉዳይ ለያይተው አሳይተዋል። አንድ ልጅ ቆጠራ ቻለ ለማለት ቢያንስ ሦስት ነገር ያስፈልጋል። ቁጥሮቹን ሁልጊዜ በአንድ ቅደም ተከተል ይጠራል፤ ለእያንዳንዱ ነገር አንድ ቁጥር ብቻ ይሰጣል፤ መጨረሻ ላይ የጠራው ቁጥር የሁሉም ድምር መሆኑን ያውቃል።

በየኬጂው የሚዘመረው የቁጥርና የቀናት መዝሙር የመጀመሪያውን ብቻውን ይሠራዋል፤ ዜማ ቅደም ተከተልን አያስረሳም። ሁለተኛው የእጅ ሥራ ነው፤ ጭብጨባው የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። ሦስተኛውን ግን መዝሙሩ ከመነሻው ታስቦበት ካልተሠራ አያመጣውም። አብዛኛው መዝሙር የሚጎድለው እዚህ ላይ ስለሆነ፣ ለዚህ ጽሑፍ አንድ አጭር መዝሙር አዘጋጅቻለሁ፤

ሰኞ መጣ፣ ሰኞ መጣ፣
እጃችን ይውጣ፤
አንድ!

ማክሰኞ መጣ፣ ማክሰኞ መጣ፣
እጃችን ይውጣ፤
አንድ፣ ሁለት!

እንዲህ እያለ በየቀኑ አንድ ጭብጨባ እየጨመረ ይሄዳል። ሮብ ሦስት፣ ሐሙስ አራት፣ አርብ አምስት፣ ቅዳሜ ስድስት ይሆናል። መዝጊያው ይህ ነው፤

እሑድ መጣ፣ እሑድ መጣ፣
እጃችን ይውጣ፤
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣
አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት!
ሳምንት ቀኑ ስንት?
ሰባት!

የመጨረሻውን ጥያቄ መምህሯ ብቻዋን ትጠይቃለች፣ ልጆቹ ይመልሳሉ። አሁን የቆጠሩት መጨረሻ ቁጥር መልስ ሆኖ ሲመለስ ይሰሙታል። ሦስተኛው ነገር የሚገባው በዚህች በር ነው።

አጨበጫጨቡ ላይ አንድ ሕግ አለ፤ ጭብጨባ ለቁጥር ብቻ ነው። «ሰኞ መጣ» ሲባል እጅ ጉልበት ላይ ያርፋል፤ «እጃችን ይውጣ» ሲባል ይነሣል፤ «አንድ» ሲባል ይጨበጨባል። ሰኞ ላይ አንዴ ከተጨበጨበ በኋላ የሁለት ጭብጨባ ያህል ጸጥታ ይኖራል። ብዙ ልጆች እጃቸው ስለሞቀ ይቀጥላሉ፤ አንድ ብሎ ማቆም ከማጨብጨብ ይከብዳቸዋል። መምህሯ ማን እየቆጠረ እንደሆነና ማን ዜማውን ብቻ እየተከተለ እንደሆነ የምታየው በዚያች ጸጥታ ነው። ስለዚህ ፍጥነቱ መጀመሪያ ላይ በሰከንድ ከአንድ ጭብጨባ መብለጥ የለበትም።

ሌላው ስሕተት ከቁጥሮቻችን አጠራር ይመጣል። ከሁለት እስከ ሰባት ካሉት ቁጥሮች ከሦስት በስተቀር ሁሉም ሲጠሩ ለሁለት ይከፈላሉ፤ ሁ-ለት፣ አ-ራት፣ ሰ-ባት። ምት የሚወድ ልጅ «ሁ» ላይ አንዴ፣ «ለት» ላይ አንዴ ያጨበጭባል። አፉ ሁለት ሲል እጁ ሦስት ላይ ደርሷል ማለት ነው። ይህን የሚያደርግ ልጅ ሲያጋጥም ማረሚያው ቀላል ነው። ጭብጨባውን ለጥቂት ቀን ትቶ ቆርኪ ወይም ጠጠር አንድ በአንድ ወደ ሣጥን እየጣለ ይቁጠር። ጠጠር ከእጅ አንዴ ከወጣ ሁለቴ አይወድቅምና ቃሉና ድርጊቱ ይገጣጠማሉ። ከዚያ ወደ ጭብጨባው ይመለሳል።

ከሁለት እስከ ስምንት ያሉት ቁጥሮቻችን ሁሉም በ«ት» ይጨርሳሉ። ለግጥም ጸሐፊ ይህ ሳይደክሙ የተገኘ ቤት መምቻ ነው፤ «ሳምንት»፣ «ስንት» እና «ሰባት» ሳይጎተቱ የገጠሙት በዚህ ምክንያት ነው። ለልጁ ግን አደጋም አለው። አምስትና ስድስት ሁለቱም በ«ስት» ስለሚያልቁ ዜማው ሲፈጥን አንዱ ሌላውን ይውጠዋል፤ ከአራት ወደ ስድስት የሚዘል ልጅ የሚሰማው በዚህ ጊዜ ነው። አርብና ቅዳሜ ላይ ቀስ ማለት ያስፈልጋል።

ከቀናቱ አስቸጋሪዎቹ ሮብና አርብ ናቸው። ማክሰኞና ቅዳሜ ረዘም ያሉ ስሞች ሲሆኑ ሮብና አርብ ግን ባንድ ትንፋሽ ያልቃሉ። መስመሩ እንዳይንገዳገድ «ሮ» እና «አ» ይሳባሉ። መጽሐፍ ላይ የሚጻፈው ረቡዕ ቢሆንም እኔ ለልጅ የምመርጠው ቤት ውስጥ የሚሰማውን ሮብን ነው። መምህሯ ረቡዕን ከመረጠችም ያስኬዳል፤ በአንድ መዝሙር ውስጥ ግን ሁለቱ አይቀላቀሉ።

ሳምንቱን በእሑድ የሚጀምሩ ሰዎች «ሐሙስ እንዴት አራት ይሆናል?» ብለው ሊጠይቁ ይችላሉ፤ እውነታቸውንም ነው። ረቡዕ አራተኛ፣ ሐሙስ አምስተኛ ማለት የሆነው ቆጠራው ከእሑድ ስለሚነሣ ነው። ቢሆንም የእኛ አገር ልጆች የቀናትን ተራ የሚያውቁት መሬት ላይ ሣጥን አስምረው፣ በአንድ እግር እየዘለሉ በሚጫወቱት ሰኞ ማክሰኞ ነው። ትምህርትም ሰኞ ይጀምራል። እዚህ አገር ከሰኞ መጀመር ይሻላል። እስራኤል ያሉ ቤተሰቦች ግን ከእሑድ ቢጀምሩ ይመከራል። የዕብራይስጡ ሳምንት እሑድን አንደኛ ቀን፣ ሰኞን ሁለተኛ ቀን ብሎ ስለሚጠራ፣ ልጁ ትምህርት ቤት የሰማውና ቤት የዘመረው አይጋጭበትም። መዝሙሩን ለመለወጥ የቀናቱን ተራ ማዘዋወር ብቻ ይበቃል።

መዝሙሩን በየቀኑ ከጫፍ እስከ ጫፍ መዘመር ጥቅሙ ትንሽ ነው። ጠዋት ሲዘመር ዛሬ ላይ ሲደርስ ይቁም። ዛሬ ሮብ ከሆነ፣ ሦስቱ ጭብጨባ እንዳለቀ መምህሯ «ዛሬ ማነው?» ትላለች፤ «ሮብ!» ይላሉ። «ነገስ?» ስትል የሚጠፋባቸው ብዙ ናቸው፤ ከሰኞ ጀምረው በሹክሹክታ ዘምረው ሐሙስን ያገኙታል። ይህ የሚያሳፍር አይደለም፤ ተራውን እንደ አንድ ረጅም ገመድ ስለያዙት መሐሉ ላይ ለመያዝ ጊዜ ይፈልጋሉ። እየቆየ ያለ ሹክሹክታ ይመልሳሉ። «ትናንት ማን ነበር?» የሚለው ወደ ኋላ ስለሚያስኬድ ከዚያም ይዘገያል። ቅዳሜና እሑድ ኬጂ ስለሌለ የእነዚህ ተራ የወላጅ ነው፤ ቤት ውስጥ ካልተዘመረ ልጁ እነዚህን ሁለት ቀናት «ዛሬ» ብሎ የሚጠራበት አጋጣሚ አያገኝም።

ልጁ መዝሙሩን ከቻለ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ቆርኪዎቹን አምጡና «አራት ስጠኝ» በሉት። ቆጥሮ አራት ላይ ካቆመ ገብቶታል። አሁንም እፍኝ ካነሣ ቁጥር አትጨምሩበት፤ እስከ ሮብ ብቻ እየዘመራችሁ በሦስት ቆዩ።

ለልጆች መዝሙር ለምታቀናብሩ ሙያተኞች አንድ ልመና አለኝ። በኪቦርድ ምት ጢም ብሎ የተሞላ የቁጥር መዝሙር ልጅን ያስጨፍራል፣ ማቆም ግን አያስተምረውም። ከቁጥሩ በኋላ ያለችውን ፋታ አትሙሉባት።