ተጨማሪ መረጃ፦ የፌሮ ብረት ክብደት በውል ሰነድ ውስጥ

«ፌሮው ጥራቱን የጠበቀና ከዝገት የጸዳ ይሁን» የሚል አንቀጽ ተቆጣጣሪውንና ተቋራጩን ከማጨቃጨቅ ያለፈ ጥቅም የለውም። ለባለ 12 ሚሊ ሜትር ፌሮ እንዲህ ቢጻፍ ይሻላል፦ «የአንድ ሜትር ክብደቱ 0.888 ኪሎ ግራም ሆኖ፣ ልዩነቱ ከ4.5 በመቶ አይበልጥም። ከእያንዳንዱ ጭነት በተቆጣጣሪው ፊት 3 ናሙና ተቆርጦ ይመዘናል፤ አንዱ ከወሰኑ ከወጣ ጭነቱ ይመለሳል።»

የ4.5 በመቶው ወሰን ከ8 ሚሊ ሜትር በላይ ለሆኑ ፌሮዎች በአውሮፓው ደረጃ የተቀመጠ ነው። ዝቅተኛው ክብደት እንግዲህ 0.848 ኪሎ ግራም ይሆናል። ግማሽ ሜትር ናሙና 405 ግራም ቢመዝን፣ በሜትር 0.810 ኪሎ ግራም ማለት ነው፤ 8.8 በመቶ ስለሚጎድለው አያልፍም። ናሙናው ሳይመዘን በፊት ዝገቱ በሽቦ ብሩሽ ይነሣ፤ ርዝመቱም በትክክል ይለካ። በካሊፐር ብቻ መለካት ግን አያስተማምንም፤ የፌሮው ጥርስ ንባቡን ያዛባዋል።

ሚዛን የሚያሳየው የብረቱን መጠን እንጂ ጥንካሬውን አይደለም። ለጥንካሬው በላቦራቶሪ የሚደረገውን የመጎተት ፍተሻና ዝቅተኛውን ውጤት በሌላ አንቀጽ ለይታችሁ ጻፉ።