ደረሰኝ የማይቆረጥለት ክፍያ

አሜሪካ ውስጥ ለጡረታው የሚቆጥብ ሠራተኛ፣ በዋሺንግተን ዙሪያ የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያንም ጭምር፣ ገንዘቡን ብዙውን ጊዜ የሚያስገባው ሚውችዋል ፈንድ ውስጥ ነው። ፈንዱ የብዙ ሰው ገንዘብ ሰብስቦ አክሲዮንና ቦንድ ይገዛል፤ ለሥራውም በየዓመቱ ከጠቅላላው ገንዘብ ላይ የተወሰነ በመቶኛ ይወስዳል። ይህ ክፍያ ኤክስፔንስ ሬሾ ይባላል። ለቆጣቢው ግን ደረሰኝ አይደርሰውም። ፈንዱ በየዕለቱ ጥቂት በጥቂት እየቀነሰ፣ የድርሻውን ዋጋ የሚያሳውቀው ከተቀነሰ በኋላ ነው።

አንድ ሰው 10,000 ዶላር አስገብቶ ለ30 ዓመት አልነካውም እንበል። ገበያው ከክፍያ በፊት በአማካይ በዓመት 7 በመቶ ቢያስገኝና ፈንዱ 0.05 በመቶ ብቻ ቢያስከፍል፣ በመጨረሻ 75,060 ዶላር ገደማ ያገኛል። እንዲህ ያለ ዝቅተኛ ዋጋ ያላቸው ኢንዴክስ ፈንዶች ናቸው። እነዚህ አክሲዮን እየመረጡ ከመግዛት ይልቅ የገበያውን ዝርዝር እንዳለ ይከተላሉ፤ ጆን ቦግል ያቋቋመው ቫንጋርድ የመጀመሪያውን ለተራው ቆጣቢ ያቀረበው በ1976 ነበር።

አሁን ክፍያው 0.75 በመቶ ይሁን። ያው 10,000 ዶላር 61,640 ላይ ይቆማል። በዚያ ላይ ሂሳቡን የሚያስተዳድር አማካሪ በዓመት 1 በመቶ ሲጨምርበት ወደ 46,400 ይወርዳል። ገበያው ያው፣ ዓመቱም ያው ሆኖ ከ28,000 ዶላር በላይ ጎደለ ማለት ነው።

1 በመቶ ትንሽ የሚመስለው ከትርፉ ጋር ስለማይነጻጸር ነው። የሚቆረጠው ከጠቅላላው ሂሳብ ነው፤ ሁለቱ ክፍያዎች ተደምረው 1.75 በመቶ ሲሆኑ፣ ከ7 በመቶው ትርፍ ሩቡን ይወስዳሉ። ገበያው በወደቀበት ዓመትም አይቀሩም። በመጀመሪያው ዓመት የአማካሪው ድርሻ 100 ዶላር ገደማ ነው፤ ሂሳቡ ሲያድግ ክፍያውም አብሮ ያድጋል። የተወሰደው ገንዘብ ደግሞ በቀሩት ዓመታት ሊወልድ ይችል የነበረው ሁሉ አብሮት ይሄዳል።

ሰው ይበልጥ የሚፈራው መግቢያ ላይ የሚቆረጠውን ኮሚሽን ነው። በአንዳንድ ፈንዶች 5.75 በመቶ ይደርሳል፤ ከ10,000 ዶላር 575 ገና ሳይሠራ ይሄዳል። በርካሹ ፈንድ ስሌት ይህ ገንዘብ ከ30 ዓመት በኋላ 4,300 ዶላር ገደማ ይሆን ነበር። ጉዳቱ ቀላል አይደለም፤ የዓመታዊው 1 በመቶ ጉዳት ግን ከሦስት እጥፍ ይበልጣል።

ቁጥሩን ማግኘት አይከብድም። ፕሮስፔክተስ የሚባለው የፈንዱ ሰነድ ከፊት ገጾቹ ላይ የክፍያ ሠንጠረዥ አለው፤ ኮሚሽኑና ዓመታዊው ክፍያ እዚያ ተለያይተው ተጽፈዋል። የአማካሪው ክፍያ ግን እዚያ ስለማይገኝ ራሱን መጠየቅ ያስፈልጋል። ግብር በማስተካከል ወይም ደንበኛው በድንጋጤ እንዳይሸጥ በማድረግ ክፍያውን የሚያካክስ አማካሪ አለ። ሂሳቡ 500,000 ዶላር ለደረሰ ሰው ግን 1 በመቶ በዓመት 5,000 ዶላር ነው፤ በሰዓት ወይም በቁርጥ ዋጋ የሚሠሩም ስላሉ፣ ከመፈረም በፊት የእነሱን ዋጋ ጠይቆ ማስተያየት ይቻላል።