ለውሃ ገምጋሚ የሚጻፈው ቢጋር



በመንደራችሁ የጎለበተ ምንጭ ካለ፣ ከዓመታት በኋላ ሥራውን የሚመረምር ገምጋሚ ይቀጠር ይሆናል። ገምጋሚው ምን እንደሚያይ፣ መቼ እንደሚመጣና ማንን እንደሚጠይቅ የሚወስነው ጽሑፍ ቢጋር ይባላል። በቢጋሩ ያልሰፈረውን ገምጋሚው የመመርመር ግዴታ የለበትም። ስለዚህ ቢጋሩን ሰውየው ሳይመጣ በፊት አንብቡት።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ከሲግናል ሽቅብ ወጥተን፣ ከእንጦጦ ተረተር ማዶ 600 ሰው የሚጠቀምበት አንድ ቦኖ አለ እንበል። የሌሊቱን ውሃ የሚይዝ ገንዳ የለውም። ገምጋሚው በመስከረም መጣ። ሃያ ሊትር ጀሪካን በ40 ሴኮንድ ሞላ። «ውሃው በቂ ነው» ብሎ ጽፎ ሄደ። በግንቦት መጨረሻ፣ ክረምት ሳይገባ ቢመጣ ኖሮ ግን ያው ጀሪካን የሚሞላው በ80 ሴኮንድ ነበር። ሰውየው አልዋሸም፤ ቢጋሩ ወሩን አልነገረውም እንጂ።

እስቲ የግንቦቱን እናስላ። በ80 ሴኮንድ አንድ ጀሪካን ማለት በሰዓት 45 ጀሪካን ነው። በቀን ለ10 ሰዓት ቢቀዳ 450 ጀሪካን፣ ማለትም 9,000 ሊትር ይሆናል። ለ600 ሰው ሲካፈል ለአንድ ሰው 15 ሊትር ይደርሰዋል።

ታዲያ 15 ሊትር ይበቃል ወይስ አይበቃም? በ1998 ዓ.ም. በወጣው የመንግሥት የውሃ ዕቅድ ለገጠር ሰው የተቆረጠው በቀን 15 ሊትር ነበር። ከ2008 ዓ.ም. በጀመረው በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ግን ወደ 25 ሊትር ከፍ ብሏል። በ25 ሊትር ከሄድን ይኸው ውሃ የሚበቃው ለ360 ሰው ብቻ ነው። አያችሁ? ምንጩ አንድ ሆኖ በአንዱ መለኪያ ያልፋል፣ በሌላው ይወድቃል። ስለዚህ ቢጋሩ መለኪያውን በቁጥር ይናገር።

ደግሞስ ማን ይጠየቅ? ገምጋሚው እኩለ ቀን ላይ ቢመጣ የሚያገኘው የኮሚቴውን ሰብሳቢ ነው። ውሃ የሚቀዱት እናቶችና ልጃገረዶች በዚያ ሰዓት ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ ተሸክመው ቁልቁል ወደ ገበያ ወርደዋል። ስንት ሰዓት እንደሚሰለፉ፣ ቦኖው ተሰብሮ ስንት ቀን እንደከረመ የሚያውቁት ደግሞ እነሱ ናቸው። ቢጋሩ «ጠዋት ማለዳና አመሻሽ ላይ ቦኖው ድረስ ሄዶ ቀጂዎቹን ይጠይቅ» ይበል።

በመጨረሻ፣ ገምጋሚው ሪፖርቱን ለቀጣሪው ቢሮ ሰጥቶ ቢሄድ ስሕተቱን ማን ያርመዋል? ስለዚህ እንዲህ የሚል አንቀጽ እንዲገባ ጠይቁ፦ «የሪፖርቱ ረቂቅ ተጠቃሚው ሕዝብ በሚሰማው ቋንቋ በጉባኤ ይነበባል፤ የሕዝቡ እርማት ይያያዛል፤ የመጨረሻው ክፍያ የሚፈጸመው ከዚያ በኋላ ነው።» ይህ ካልተጻፈ፣ ገንዘቡን ተቀብሎ የሄደን ሰው መልሶ መጥራት አይቻልም።